የጓሯችሁ ምስሎች፦ ከተከላው ቀን እስከ 7ኛው ዓመት፣ ከታኅሣሥ ፀሐይ እስከ ሰኔ ደመና

ባለፈው ጓሮውን ስንለካ «ሲያልቅ ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። «ሲያልቅ» የምትለዋ ቃል ናት ያስቸገረችኝ። አጥር ያልቃል፣ በረንዳ ያልቃል። የተከልነው ነገር ግን ሥራውን የሚጀምረው እኛ ዕቃችንን ሰብስበን ከወጣን በኋላ ነው። ስለዚህ ጓሮው ወደፊት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ምስል ሳይሆን ዘጠኝ ሠርቼ ልኬላችኋለሁ። አራቱ እድገቱን ያሳያሉ፣ አራቱ ብርሃኑን፣ አንዱ ደግሞ እንዳንሠራው የምመክራችሁን።

ከምስሎቹ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሁሉም የተነሱት ከአንድ ቦታ ነው፤ ከበረንዳው በር፣ በቆመ ሰው ዓይን ቁመት፣ ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ። ከላይ እንደ ወፍ የሚያዩ ምስሎች ያምራሉ፣ ግን ጓሯችሁን ከዚያ አታዩትም። ሰፊ ሌንስም አልተጠቀምኩም። 12 በ9 ሜትር የሆነ ቦታ በሰፊ ሌንስ የእግር ኳስ ሜዳ ይመስላል፣ በኋላ ስትወጡ ትናደዳላችሁ።

ምስል 1፦ የተከላው ቀን

ይህን ምስል ስታዩ ቅር ይላችኋል፣ አውቃለሁ። አፈሩ ይበዛል፣ ተክሉ ያንሳል። የጥብስ ቅጠሉ ችግኝ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በመካከሉ 60 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ አለ። ወይራዋ 1.5 ሜትር ናት፣ በሁለት እንጨት ታስራ ቆማለች። የበረንዳው ምሰሶዎች ሥር ያለው ቡጋንቪላ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል። ሳሩም ገና ምንጣፍ አልሆነም፣ አፈሩ ጣል ጣል ብሎ ይታያል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በእጥፍ ብንተክለውስ?» ይላል። እንችላለን። የመጀመሪያው ዓመት ያምራል፣ በሦስተኛው ዓመት ተክሎቹ ይታነቃሉ፣ ግማሹን እንነቅላለን። ለሚነቀል ነገር ባትከፍሉ ነው የምመርጠው። ዓይን እንዳይራቆትባችሁ በክፍተቶቹ ውስጥ በአንድ ወቅት አብበው የሚያልቁ አበቦች ጨምሬያለሁ፣ ምስሉ ላይ ብርቱካናማ ሆነው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ዓመት ሳይሞላቸው ይሄዳሉ።

ምስል 2፦ 1 ዓመት

ከምስል 1 ጋር ጎን ለጎን አድርጉት። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ እኔም ሆን ብዬ አላጋነንኩትም። በመጀመሪያው ዓመት ተክል አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያወጣው ሥር ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ ካሜራ አያየውም። ወይራዋ 1.7 ሜትር ላይ ያዝኳት። የጥብስ ቅጠሉ 40 ሳንቲ ሜትር ደርሷል። ቡጋንቪላው ብቻ ነው የቸኮለው፣ የምሰሶውን ግማሽ አልፏል።

ምስል 3፦ 3 ዓመት

ሰው ሁሉ የሚወደው ይህን ነው። የጥብስ ቅጠሉ እርስ በርሱ ተያይዞ የወገብ አጥር ሆኗል፣ ቡጋንቪላው የበረንዳውን ጣሪያ ጠርዝ ይዟል፣ ወይራዋ 2.5 ሜትር ገብታ የራሷን ጥላ መጣል ጀምራለች። በነገራችን ላይ ከቡጋንቪላው ላይ ቀዩን የሚያሳየው አበባው ሳይሆን በአበባው ዙሪያ ያሉት ቅጠሎች ናቸው፤ አበባው መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት። ቀይ የሚሆነው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ አብቦ በጨረሰ ቁጥር መቀስ ይፈልጋል። ካልተቆረጠ ጫፉ ብቻ ያብባል፣ ከሥሩ እሾህ ብቻ ይቀራል። ለዚሁ እሾህ ብዬ ልጆቹ ከሚሮጡበት ደረጃ አጠገብ ያለውን ምሰሶ ባዶ ትቼዋለሁ።

ምስል 4፦ 7 ዓመት

እዚህ ላይ ጓሮው ተለውጧል፣ ሁሉም ለውጥ ደግሞ ደስ የሚል አይደለም። ወይራዋ 4 ሜትር ሆናለች፣ የቅጠሏ ስፋት 3 ሜትር። ሥሯ ያለው ሳር ሳስቷል። ምስሉ ላይ ቡናማ ክብ ሆኖ የሚታየው ስህተት አይደለም፣ ሳር ጥላ ውስጥ ይሸነፋል፣ ከዛፍ ሥርም ጋር በውሃ ይሻማል። 5ኛው ዓመት ላይ ያንን ክብ ጥላ በሚችል መሬት ሸፋኝ ተክል እንተካዋለን፤ ምስሉ ላይ ግን ሳንተካው ብንቀር ምን እንደሚመስል እንድታዩ ተውኩት።

የጥብስ ቅጠሉም አርጅቷል። ከላይ አረንጓዴ ነው፣ ከታች ግንዱ ደርቆ ራቁቱን ቀርቷል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ እስከ ደረቁ ግንድ ድረስ ይቆርጡታል፣ ከዚያ ዳግም አያቆጠቁጥም። በየዓመቱ አረንጓዴው ላይ ቀለል አድርጎ መከርከም ዕድሜውን ያረዝመዋል፣ ግን አንድ ቀን መተካቱ አይቀርም። ይህንንም በእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ ጽፌዋለሁ።

የቁመቶቹ ቁጥሮች የእኔ ግምት ናቸው፤ ውሃ ሳይቋረጥ፣ አፈሩ ኮምፖስት ጠጥቶ፣ ፍየል ሳይገባ። ወይራ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ከዚህ ሊዘገይ ይችላል።

ምስል 5፦ ጃካራንዳው፣ 15 ዓመት

ጃካራንዳ እንደምትወዱ ነግራችሁኛል። እኔም እወደዋለሁ። ለዚህ ነው እንዲያው «አይሆንም» ከማለት የሳልኩት። በሦስተኛው ዓመት ሳየው ራሴም ልሸነፍ ነበር፣ ከወይራዋ በብዙ ይበልጣል። በ15ኛው ዓመት ግን የቅጠሉ ስፋት 9 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ ጓሮው ከሰሜን እስከ ደቡብ ያለው 9 ሜትር ነው! አንዱ ጫፉ ጣሪያችሁ ጋ፣ ሌላው አጥሩ ጋ። የረገፈው አበባ መሬት ላይ ሐምራዊ ሆኖ ሲታይ ልብ ይሰርቃል፣ የጣሪያ አሸንዳ ውስጥ ሲገባ ግን የሚወጣው በመሰላል ነው። ሰፊ ቦታ ቢኖራችሁ መጀመሪያ የምተክለው እሱን ነበር።

አሁን ወደ ብርሃኑ

ጓሮው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። ይህ ማለት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትቆምም። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ በደቡብ በኩል ናት፣ በመካከል ያሉትን የክረምት ወራት ይዛ ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ሚያዝያ 6 እና ነሐሴ 23 አካባቢ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፤ በእነዚያ ቀናት 6 ሰዓት ላይ የቆመ ዘንግ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። ምስሎቹ ላይ ያለው ሰዓት በፀሐይ የሚቆጠር ነው፣ ከእጅ ሰዓታችሁ ሊለያይ ይችላል።

ምስል 6፦ ታኅሣሥ 12፣ 6 ሰዓት

ፀሐይ በደቡብ፣ ከአድማስ ወደ 58 ዲግሪ ከፍታ ላይ። የደቡቡ ግንብ አጥር 2.5 ሜትር ነው፣ ጥላው 1.6 ሜትር ወደ ጓሮው ገብቷል። ጠዋትና ከሰዓት ደግሞ ከዚህም በላይ ይገባል። ስለዚህ ያ 1.6 ሜትር ስፋት ያለው መሬት በዚያን ቀን ፀሐይ የሚባል ነገር አይነካውም።

ቡጋንቪላውን ከዚያ ግንብ ላይ ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። እናንተ እዚያ ነበር የፈለጋችሁት፣ ገብቶኛል፣ ባዶ ግንብ ያስጠላል። ግን የግንቡ ወደ እናንተ የዞረው ፊት ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ አያይም። ተክሉ ብርሃን ፍለጋ ግንቡን ይዘላል፤ አበባው ለጎረቤት፣ ግንዱ ለእናንተ። አሁን ያደረግሁበት የበረንዳ ምሰሶ ወደ ደቡብ ስለዞረ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ይጠግባል።

በግንቡ ሥር አጋፓንተስ የሚባል አበባ አስገብቻለሁ። ቦታው አስቸጋሪ ነው፣ ግማሽ ዓመት ጥላ፣ ግማሽ ዓመት ፀሐይ፣ ሁለቱንም የሚችል ተክል ብዙ የለም። አበባው ሙሉ ፀሐይ ካገኘው ያነሰ ይሆናል፣ ስለዚህ ምስሉ ላይ አሳንሼዋለሁ።

ምስል 7፦ ታኅሣሥ 12፣ 9 ሰዓት

በምዕራብ በኩል ያለው የጎረቤት ፎቅ እዚህ ጋ ይመጣል። ቁመቱን በሌዘር ለክቼዋለሁ፣ 7 ሜትር ነው፣ ከአጥራችሁ 2 ሜትር ይርቃል። በዚህ ሰዓት ጥላው 6 ሜትር ገደማ ወደ ጓሮው ገብቷል፣ ማለትም የስፋቱን ግማሽ። አግዳሚ ወንበሩን ከምዕራቡ ጥግ አንስቼ ወደ ምሥራቅ፣ ከወይራዋ አጠገብ ያዞርኩት ለዚህ ነው። ከሥራ በኋላ መቀመጫ ብላችሁኝ የለ? የቀረችው ፀሐይ ያለችው እዚያ ነው።

ምስል 8፦ ሰኔ 14፣ 6 ሰዓት

ሁሉም ነገር ተገልብጧል። ፀሐይ በሰሜን፣ ከአናት 14 ዲግሪ ዝቅ ብላ። የደቡቡ ግንብ ሥር በርቷል፣ ጥላው አሁን ከቤቱ ነው የሚመጣው፤ 4.5 ሜትር ከሆነው ጣሪያ 1.2 ሜትር ገደማ ወደ ጓሮው ይወርዳል። ይህን ምስል ያለ ደመና የሠራሁት የጥላው ጠርዝ እንዲታይ ብቻ ነው።

ምስል 9፦ ሰኔ 14፣ 9 ሰዓት፣ በደመና

እውነተኛው ክረምት ይህ ነው። ጥላ ጠርዝ የለውም፣ አረንጓዴው ጠቁሯል፣ መተላለፊያው ድንጋይ ረጥቧል። በጣም የማያምረው ምስል እሱ ነው፣ ግን በዓመት ውስጥ ለብዙ ሳምንታት ከመስኮት የምታዩት እሱን ነው። ከሥሩ ያለውን የጥብስ ቅጠል መደብ ልብ በሉ፣ ከዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ከአፈሩ ጋር ጠጠር ቀላቅለን እናነሳዋለን። መጀመሪያ የሠራሁት ንድፍ ላይ መደቡ ዝቅ ያለ ነበር፣ ይህን ምስል ስሠራ ነው የነቃሁት።

ከእናንተ የምፈልገው ሦስት መልስ ነው። ወይራዋ ትሁን ወይስ ሌላ ትንሽ ዛፍ እንፈልግ? ወንበሩ ምሥራቅ ይሂድ? 7ኛው ዓመት ላይ ሳሩ ስለሚያንስ ልጆቹ የሚሮጡበት ይበቃቸዋል ወይስ የጥብስ ቅጠሉን መደብ በ1 ሜትር እናጥበው? የመጨረሻውን ለልጆቹ ራሳቸው ብትጠይቋቸው ጥሩ ነው።

ቅዳሜ መጥቼ የወይራዋንና የወንበሩን ቦታ በችካልና በገመድ ምልክት አደርጋለሁ። 9 ሰዓት ላይ እቤት ከሆናችሁ ወጥታችሁ ገመዱ ውስጥ ቁሙና የጎረቤቱ ጥላ የት እንደደረሰ እዩት። ቦታው ካልተመቻችሁ ችካሉን ነቅሎ ማዛወር ቀላል ነው፣ ጉድጓድ የምንቆፍረው ከዚያ በኋላ ነው።