የሦስተኛ ዙር የሥራ ክፍያ ጥያቄና በሁለት አከራካሪ ሥራዎች ላይ የቀረበ ማብራሪያ

ቀን፦ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም
ቁጥር፦ ፕ/47/17

ለአሠሪው መሥሪያ ቤት የግንባታ ክትትል ክፍል
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በማራኪ ክፍለ ከተማ እየተሠራ ላለው 310 ሜትር ርዝመት ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሦስተኛ ዙር ክፍያ እንዲፈጸምልን ስለመጠየቅ

ከመጋቢት 1 እስከ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም ባለው ጊዜ የሠራነው ሥራ ግንቦት 26 እና 27 ቀን ከአማካሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ጋር በጋራ ተለክቶ የልኬት ወረቀቱ በሁለቱም ወገን ተፈርሟል። ሆኖም አማካሪው ሰኔ 4 ቀን በጻፈው ደብዳቤ በሁለት የሥራ ዓይነቶች ላይ ስላልተስማማ የክፍያ ሰርተፊኬቱን በሙሉ ሳያጸድቅ መልሶልናል። እኛ የምንጠይቀው ስምምነት ያለበት የብር 2,687,096.00 ሥራ ለብቻው ተመስክሮ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ከመዘጋቱ በፊት እንዲከፈለን፣ የቀረው ብር 199,848.00 ደግሞ ከዚህ በታች በምናስረዳው መሠረት ተመርምሮ በሚቀጥለው ዙር እንዲወሰንልን ነው። ከጠቅላላው ሰባት በመቶ ለማይሞላ ልዩነት ሲባል ቀሪው ሁሉ ቢያዝ ክረምቱ በገባበት በዚህ ወቅት ከ0+274 እስከ 0+310 ያለውን ክፍል ለመጨረስ የሚያስፈልገውን ሲሚንቶና ብረት መግዛት አንችልም።

ስምምነት ያለባቸው ሥራዎች ልክና ዋጋ በአባሪ 1 ተያይዟል። ከድምሩ በውሉ መሠረት አምስት በመቶ የመያዣ ገንዘብ ብር 134,354.80 እና ሠላሳ በመቶ የቅድመ ክፍያ ተመላሽ ብር 806,128.80 ሲቀነስ ብር 1,746,612.40 ይቀራል፤ በዚህ ላይ አስራ አምስት በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ብር 261,991.86 ሲደመር የሚከፈለው ብር 2,008,604.26 ይሆናል። በሕግ የሚያዘው ቅድመ ግብር በመሥሪያ ቤቱ በኩል ይቀነሳል።

የመጀመሪያው ልዩነት ከ0+140 እስከ 0+215 ባለው 75 ሜትር ላይ የተቆፈረውን መሬት ይመለከታል። አማካሪው ቁፋሮውን በሙሉ እንደ ተራ አፈር ቆጥሮታል፤ ምክንያቱም በጨረታው ጊዜ የተቆፈረው የመፈተሻ ጉድጓድ እስከ ሁለት ሜትር ጥልቀት አለት አላሳየም የሚል ነው። ጉድጓዱ ግን የተቆፈረው 0+090 ላይ፣ ማለትም አለቱ ከጀመረበት 50 ሜትር ርቆ በመሆኑ ስለዚህ ክፍል የሚናገረው ነገር የለም። ውላችን አለትን የሚተረጉመው በጉድጓድ ውጤት ሳይሆን ያለ ኮምፕረሰር ወይም ያለ መዶሻና ሽብልቅ ሊነሳ የማይችል መሬት በማለት ነው። ኮምፕረሰሩ ከመጋቢት 17 እስከ 26 ባሉት ዘጠኝ የሥራ ቀናት ለ61 ሰዓት መሥራቱ በዕለታዊ መዝገቡ ሰፍሯል፤ የወጣው ድንጋይም ከቦይው ዳር ተከምሮ እስካሁን አልተነሳም። የግንቡን ድንጋይ ከካባ ስላመጣን ከዚህ ክምር ለግንብ የገባ የለም፤ ክምሩን መለካት ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነው።

አማካሪው ትክክል የሆነበትን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ከላይ ያለው 0.25 ሜትር ውፍረት ዶማ የሚያነሳው የበሰበሰ ድንጋይ ስለነበር 30.00 ሜትር ኩብ ከአለት ጥያቄያችን አውጥተን በተራ ቁፋሮ ውስጥ ትተነዋል። አለት መገኘቱንም ያሳወቅነው በጀመርን በሦስተኛው ቀን መጋቢት 19 ነው፤ መዘግየቱ የእኛ ጉድለት ቢሆንም ከማስታወቂያው በኋላ ተቆጣጣሪው በቦታው ተገኝቶ ሥራውን ሲያይ እንዲቆም አላዘዘም። ስለዚህ የቀረው ልክ 75 ሜትር ርዝመት በ1.60 ሜትር ወርድ በ0.90 ሜትር ጥልቀት፣ 108.00 ሜትር ኩብ ነው። ይኸው መጠን በአባሪ 1 በተራ ቁፋሮ ዋጋ አስቀድሞ ስለተቆጠረ የምንጠይቀው በብር 1,350.00 እና በብር 240.00 መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ፣ ብር 119,880.00 ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ከ0+232 እስከ 0+274 ያለውን የቀኝ ግድግዳ መሠረት ይመለከታል። በዲዛይኑ 0.80 ሜትር የነበረው ጥልቀት ጥቁር አፈር በመገኘቱ ወደ 1.30 ሜትር ወርዷል። አማካሪው ሥራው መሠራቱን አይክድም፤ የሚለው በጽሑፍ የለውጥ ሥራ ትዕዛዝ የለም ነው። እውነት ነው፣ በቅጹ የተሞላ ትዕዛዝ የለም። ነገር ግን ሚያዝያ 8 ቀን ተቆጣጣሪው ራሱ በሳይት መዝገቡ ገጽ 38 ላይ «ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ ይውረድ» ብሎ ጽፎ ፈርሟል፤ የገጹ ቅጂ ተያይዟል። በእጅ ተጽፎ የተፈረመ መመሪያ ቅጹ ባለመሞላቱ ብቻ ዋጋ እንዳይኖረው ማድረግ፣ በተለይ ዝናብ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አፈር ላይ ግንብ እንዳይቆም መጠንቀቁ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ተገቢ አይመስለንም። ልኩ 42 ሜትር በ0.70 በ0.50፣ 14.70 ሜትር ኩብ ነው፤ ለግንቡ ብር 76,440.00፣ ለቁፋሮው ብር 3,528.00፣ በድምሩ ብር 79,968.00 ይሆናል። ለመሥሪያ ቦታ በስፋት የተቆፈረውን አልጨመርንም። ጥልቀቱ የሚያጠራጥር ከሆነ መሥሪያ ቤቱ በሚመርጣቸው ሦስት ቦታዎች ከግድግዳው ጎን በራሳችን ወጪ ቆፍረን እናሳያለን፤ በአንዱ እንኳ ጎድሎ ከተገኘ ጥያቄውን በሙሉ እንተዋለን።

የሰሌክት ሙሌትን በተመለከተ በመኪና ምልልስ ቆጥረን ያቀረብነው 262.00 ሜትር ኩብ ነበር። ውሉ የሚከፍለው ተጠቅጥቆ በቦታው ለተለካ ስለሆነ የአማካሪውን 196.00 ሜትር ኩብ ተቀብለናል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

በሁለቱ ነጥቦች ላይ መሥሪያ ቤቱ፣ አማካሪውና እኛ በቦታው ተገናኝተን እንድንነጋገር ሰኔ 17 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲያዝልን እየጠየቅን፣ ስምምነት ያለበት ክፍያ ግን ይህን ስብሰባ ሳይጠብቅ እንዲጸድቅልን በአክብሮት እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር
የተቋራጩ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦ ለአማካሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ

አባሪ 1፦ ስምምነት ያለባቸው ሥራዎች

| የሥራው ዓይነት | ልክ | የአንዱ ዋጋ በብር | ጠቅላላ ዋጋ በብር |
|---|---|---|---|
| ተራ አፈር ቁፋሮ | 612.40 ሜ.ኩ | 240.00 | 146,976.00 |
| አለት ቁፋሮ፣ ከ0+010 እስከ 0+042 | 58.00 ሜ.ኩ | 1,350.00 | 78,300.00 |
| የድንጋይ ግንብ በሲሚንቶ ሞርታር | 284.60 ሜ.ኩ | 5,200.00 | 1,479,920.00 |
| ሲ-25 ኮንክሪት ለቦይ ክዳን | 31.20 ሜ.ኩ | 14,500.00 | 452,400.00 |
| የአርማታ ብረት | 2,140 ኪ.ግ | 165.00 | 353,100.00 |
| ሰሌክት ሙሌት፣ ተጠቅጥቆ | 196.00 ሜ.ኩ | 900.00 | 176,400.00 |
| ድምር | | | 2,687,096.00 |

አባሪ 2፦ የተፈረመ የጋራ ልኬት ወረቀት፣ 6 ገጽ
አባሪ 3፦ የኮምፕረሰር ዕለታዊ መዝገብ እና የመጋቢት 19 ማስታወቂያ ቅጂ
አባሪ 4፦ የሳይት መዝገብ ገጽ 38 ቅጂ እና መሠረቱ ከመገንባቱ በፊት ከሜትር ጋር የተነሱ 11 ፎቶግራፎች