ስለ ስኩተሩ ዋጋ፣ ከፍተሻው በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣

ቅዳሜ ዕለት መካኒኩ ስኩተሩን እንዲፈትሽ ስለፈቀዱና የቺንጋው ክዳን ተፈትቶ እስኪታይ ስለጠበቁን ከልብ አመሰግናለሁ። ሞተሩ እንዳሉት ነው። ቀዝቅዞ እያለ ወዲያው ተነሣ፣ አያጨስም፣ ቻርጁም 14.2 ቮልት ነው። ስኩተሩን መግዛት እፈልጋለሁ፤ የጠየቁት ዋጋ ግን ምንም ወጪ ለማይፈልግ ስኩተር ስለሆነ ያገኘነውን ልንገርዎት።

ትልቁ ጉዳይ ፍሬኑ ነው። የፊት ፍሬን ሸራ 1.4 ሚ.ሜ ቀርቶታል፤ ከ2 ሲያንስ መቀየር ነበረበት። ሸራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። ዲስኩ ላይ የተቀረጸው MIN TH 3.5 mm ይላል፣ በካሊበር ሦስት ቦታ ስንለካው ግን ከ3.4 አላለፈም። እንዲህ የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ይጣመማልም፤ ስለዚህ አዲስ ሸራ ብቻ ማስገባት አይበቃም። በዚያ ላይ የግራው የፊት አሞርዛተር ፓራኦሊ ያፈስሳል። ዘይቱ ዲስኩ ላይ ከደረሰ ፍሬን አይዝም።

ቺንጋው 17.1 ሚ.ሜ ነው። የሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ አዲሱን 18.5፣ መቀየሪያውን 17.5 ይላል፤ ጥርሶቹ ሥርም ተሰነጣጥቋል። እየነዱ ከተበጠሰ መቆም ብቻ አይደለም፣ ቁርጥራጩ ፑሊው ውስጥ ገብቶ የኋላ እግሩን ሊያስይዘው ይችላል። ከስድስቱ ሮለሮች አራቱ በአንድ ጎናቸው ተበልተው ጠፍጣፋ ሆነዋል። ሲነሣ የሚንገጫገጨው በዚህ ይመስላል። ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ ሁለቱንም አብሮ መቀየር ነው።

የኋላ ጎማው ገና ጥርስ አለው፤ ሆኖም የተጻፈበት ቁጥር 2317 ነው፣ ማለትም በፈረንጆች 2017 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ። ጎኑ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

የአካሉን ጭረትና የወንበሩን ቀዳዳ አልቆጠርኩም፣ አስቀድሜ ያየኋቸው ናቸው። የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና ካንዴላም ማንኛውም ገዢ የሚቀይራቸው ስለሆኑ በእኔ ይሁኑ።

መካኒኩ ለመለዋወጫውና ለእጅ ዋጋ ያወጣው ግምት ከጠየቁት ዋጋ 22 በመቶ ይሆናል፤ ዝርዝሩን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። 24,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ስኩተር ዕቃው ማለቁ ያለ ነው፣ በአዲሱ ዕቃም የምጠቀመው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሙሉውን ይቀንሱልኝ አልልም፤ 16 በመቶ ይቀንሱልኝ፣ ቀሪውን እኔ እችላለሁ። ስም በሚዛወርበት ቀን ገንዘቡን በአንዴ እከፍላለሁ።

ዋጋውን መንካት ካልፈለጉ ደግሞ ዲስኩን፣ ሸራውን፣ ፓራኦሊውን፣ ቺንጋውንና ሮለሮቹን እርስዎ በመረጡት መካኒክ ያስቀይሩ። ደረሰኙንና የወጣውን አሮጌ ዕቃ ካየሁ የጠየቁትን ሙሉ ዋጋ እከፍላለሁ፣ ጎማውንም እኔ እገዛለሁ።

እስከ ሐሙስ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። እስከዚያ ድረስ እባክዎ በፍጥነት አይንዱት፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ።

ከአክብሮት ጋር፣
ቅዳሜ ከመካኒክ ጋር የመጣሁት ገዢ