ወዳጅዎን ይላኩልን፤ ሽሮው ከእኛ

ለተከበሩ ደንበኛችን፣

ለምትጾሙ ሁሉ እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ።

ሾላ ገበያ አጠገብ ያለችው ባልትና ቤታችን ማስታወቂያ ለጥፋ አታውቅም። አብዛኛው ደንበኛችን የመጣው ጎረቤት ቤት ወጥ ቀምሶ «በርበሬው ከየት ነው?» ብሎ ጠይቆ ነው። ባለፈው የገና ሰሞን አንዲት ደንበኛችን አራት የዕቁብ ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ። አራቱም ገዝተው ሄዱ። ለእኒያ ደግ ሰው ግን «እግዚአብሔር ይስጥልን» ከማለት በቀር ያደረግንላቸው ነገር አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ቆይቷል።

ስለዚህ ከዛሬ አንሥቶ እስከ ፋሲካ ዋዜማ እንዲህ እናደርጋለን። እርስዎ የላኩት አዲስ ሰው ሲመጣ ስምዎንና የስልክዎን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች ይንገረን። ቢያንስ 1 ኪሎ በርበሬ ወይም ሽሮ ከገዛ፣ ለእሱ 100 ግራም ሚጥሚጣ እንመርቅለታለን፤ ለእርስዎ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ምጥን ሽሮ በስምዎ እናስቀምጣለን። ሽሮው እንደተቀመጠ በቴሌግራም እንነግርዎታለን። የሚልኩት ሰው ቁጥር ገደብ የለውም። ውጭ አገር ላለ ዘመድ የሚገዛም ይቆጠራል።

አንድ ነገር ግን ከስጦታው በላይ ያሳስበኛል። «ጥሩ ነው» ብለው የላኩት ሰው ቢከፋው የሚያፍሩት እርስዎ ነዎት። የማረቆውን ዛላ አንድ በአንድ የምንቀነጥሰው፣ ኮረሪማውን በእጃችን የምንፈለፍለው፣ ሽምብራና አተሩን ለየብቻ የምንቆላው ምስክርነትዎ እንዳይዋረድ ጭምር ነው። ያም ሆኖ ወዳጅዎ ካልወደደው፣ ከፍቶ ቀምሶትም ቢሆን በ15 ቀን ውስጥ ይመልስልን፤ ገንዘቡን ሙሉውን እንሰጠዋለን። የእርስዎን ሽሮ አንነካም።

እባክዎ ለሁሉም ሰው አይበትኑት። ጥሩ በርበሬ ሲፈልግ የሚያውቁት ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ለእነሱ የሚልኩት መልእክት ይኸውና፤ እንዳለ ይላኩት ወይም በራስዎ ቃል ይለውጡት፦

«ሰላም፣ ቤተሰቡ ሁሉ እንዴት ናችሁ? እኛ ቤት የምትወዱት ወጥ በርበሬው የሚመጣው ሾላ ገበያ አጠገብ ካለች ባልትና ቤት ነው። የጾም ሽሮዬንም የምወስደው ከዚያው ነው። ስሜንና የስልኬን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች ብትነግሯቸው፣ ከ1 ኪሎ ጀምሮ ስትገዙ 100 ግራም ሚጥሚጣ ይመርቁላችኋል። ለእኔም ግማሽ ኪሎ ሽሮ ይሰጡኛል፤ ይህን ሳልነግራችሁ መላክ አልፈለግሁም። ካልወደዳችሁት በ15 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ገንዘባችሁን ትወስዳላችሁ። መጀመሪያ ለመቅመስ ከፈለጋችሁ ቅዳሜ እኛ ቤት ኑ፤ ሽሮ እሠራለሁ።»

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነን። የተቀመጠልዎን ሽሮ እስከ ዳግማ ትንሣኤ ድረስ መጥተው ይውሰዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባልትና ቤቱ ባለቤት