የብላንቺንግና የሪቶርት የሙቀት ስሌት ጥያቄዎች፦ ለምግብ ማቀነባበር ተማሪዎች፣ ጅማ

መመሪያ፦ ስሌቱን ከነቀመሩና ከነአሃዱ አሳዩ፤ የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ነጥብ አያሰጥም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱን 82 kPa፣ ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት 94 °C አድርጋችሁ ውሰዱ። የለመዳችሁትን 100 °C እዚህ አታምጡት፤ በዚህች ከተማ በክፍት ገንዳ ያለ ውሃ እዚያ አይደርስም።

1. የብላንቺንግ ገንዳ ግድግዳ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ነው (k = 16 W/m·K)፤ ስፋቱ 1.5 ካሬ ሜትር። የውሃው ሙቀት 92 °C፣ የክፍሉ አየር 22 °C ነው። በውሃው በኩል h = 1000፣ በአየሩ በኩል h = 10 W/m²·K።
ሀ) በግድግዳው የሚባክነውን ሙቀት አስሉ (1,038 ዋት ገደማ ካላገኛችሁ ተመለሱ)።
ለ) ከሦስቱ ተቃውሞዎች ትልቁ የትኛው ነው? ብረቱን ማወፈር ለምን አይጠቅምም?
ሐ) 25 ሚሊሜትር መከላከያ (k = 0.04) ቢለብስ ብክነቱ ስንት ይሆናል?

2. ከገበያ የተገዛ ፎሶሊያ፣ ዲያሜትሩ 8 ሚሊሜትር፣ በ22 °C እያለ 92 °C ውሃ ውስጥ ተነከረ። k = 0.55 W/m·K፣ h = 1100 W/m²·K፣ α = 1.5×10⁻⁷ m²/s።
ሀ) የባዮት ቁጥርን በሬዲየሱ አስሉ። ፎሶሊያው ከዳር እስከ መሀል አንድ ዓይነት ሙቀት አለው ብሎ መነሳት ይቻላል?
ለ) λ₁ = 2.129፣ C₁ = 1.553 ወስዳችሁ፣ መሀሉ ከ60 ሰከንድ በኋላ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ አግኙ።
ሐ) መሀሉ 85 °C እንዲደርስ ስንት ሰከንድ ያስፈልጋል? ላዩ የበሰለ ቢመስልም በመሀሉ ያለው ኢንዛይም ካልሞተ በማከማቻ ጣዕሙ ይበላሻልና፣ መልሱን እስከ ሰከንድ አድርሱት።

3. ሁለት ጣሳዎች በ60 °C ተሞልተው 121 °C ሪቶርት ገቡ። አንዱ ወፍራም የቦሎቄ ድልህ ነው፤ በኮንዳክሽን ይሞቃል (f = 45 ደቂቃ፣ j = 2.0)። ሌላው አተር በጨው ውሃ ነው፤ በኮንቬክሽን ይሞቃል (f = 6 ደቂቃ፣ j = 1.0)።

```
B = f · log10(j · I / g)
```

I የመነሻ የሙቀት ልዩነት ነው፤ g በሪቶርቱና በጣሳው ዘግይቶ በሚሞቀው ነጥብ መካከል በመጨረሻ የሚቀረው ልዩነት ነው። g = 1 °C እንዲሆን የእያንዳንዱን ደቂቃ አስሉ። ቴርሞኮፕሉን በየትኛው ጣሳ መሀል፣ በየትኛው ከመሀል ዝቅ አድርጋችሁ ታስገባላችሁ? ምክንያቱን በፈሳሹ እንቅስቃሴ አስረዱ።

4. ይህን ጥያቄ በጥድፊያ አትለፉት። የሪቶርቱ መመሪያ ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ነው፤ ጌጁ 104 kPa ሲያሳይ 121 °C ነው ይላል። በጅማ አንድ ሠራተኛ ያንኑ ንባብ ይዞ ሠራ። ጌጁ የሚያሳየው ከአየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። የሙሌት እንፋሎት ግፊት በ118 °C 186 kPa፣ በ121 °C 205 kPa ነው።
ሀ) በሪቶርቱ ውስጥ ያለው ሙቀት በእርግጥ ስንት ነው?
ለ) 121 °C ለማግኘት ጌጁ ስንት ማሳየት አለበት?
ሐ) z = 10 °C ሆኖ፣ ዘግይቶ የሚሞቀው ነጥብ በ(ሀ) ሙቀት ቢቆይ፣ በ121.1 °C ከ3 ደቂቃ ጋር እኩል የሆነ የመግደል ኃይል ለማግኘት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?
መ) ሠራተኛው በዚያ ነጥብ 3 ደቂቃ ብቻ ቆይቶ ጣሳዎቹን ቢያወጣ፣ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነምን አስባችሁ ወደ ገበያ እንዲወጡ ትፈርማላችሁ? በቁጥር መልሱ።