ግራ እጅ

አያቴ ካረፈች በኋላ ቡና ሲፈላ ስኒ የምደረድረው እኔ ነበርኩ። አንድ እሁድ ረከቦቱ ላይ አምስት ስኒ አስቀመጥኩ። የቀረነው ግን አራት ነን። እናቴ አየችና ዝም አለች። ድንኳኑ ተነስቷል፣ አርባዋም ወጥቷል፣ ሁላችንም አልቅሰን ወጥቶልናል። እጄን ግን ማንም አላረዳውም ነበር።

ጌም ስለ ሐዘን ምን ሊነግረን ይችላል ሲባል ሁሌ የምትመጣብኝ ያቺ አምስተኛ ስኒ ናት። ብዙ ጌሞች ሰው ሲሞትባቸው ጨዋታውን ያቆሙና ፊልም ያሳዩናል። ሙዚቃው ይገባል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ እኛም ጆይስቲኩን ጭናችን ላይ አስቀምጠን እናያለን። ፊልሙ ጥሩ ከሆነ እናለቅሳለን። ግን ያን ጊዜ ጌሙ የራሱን መሣሪያ አስቀምጦ የሲኒማን ተውሷል። ጌም ከሁሉ የሚለየው በእጃችን ስለምንጫወተው ነው። ሐዘን ደግሞ ብዙ ጊዜ እጅ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ይህን ከሁሉ አብልጦ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ብራዘርስ» የተባለ ጌም ይመስለኛል። ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ፋረስ ይባላል፣ የተወለደው ቤይሩት ነው፣ በልጅነቱ ከጦርነት ሸሽቶ ስዊድን ገባ። መጨረሻውን ስለምናገር ያልተጫወታችሁት እዚህ ጋ ብታቆሙ አይከፋኝም።

ሁለት ወንድማማቾች ለታመመ አባታቸው መድኃኒት ፍለጋ ይወጣሉ። ሁለቱንም የምታንቀሳቅሰው አንተው ነህ። ትልቁ በግራ እጅህ፣ ትንሹ በቀኝ እጅህ። መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። አንዱ ግድግዳ ሲገጭ ሌላው ገደል ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ቀስ በቀስ እጅህ ይለምዳል። ንግግራቸው የትም አገር የማይነገር የፈጠራ ቋንቋ ስለሆነ የምታውቃቸው በሚያደርጉት ብቻ ነው። ትንሹ ውሃ ይፈራል፣ እናቱ የሞተችው ሰጥማ ነው። ስለዚህ ወንዝ ሲመጣ ትልቁ ይዋኛል፣ ትንሹ ጀርባው ላይ ይንጠለጠላል።

ትልቁ ይሞታል። ትንሹ ይቀብረዋል። ሬሳውን ወደ ጉድጓዱ የምትስበው፣ አፈሩንም የምትመልሰው አንተ ነህ፣ በቀኝ እጅህ። ግራ እጅህ አውራ ጣቱን የጆይስቲኩ ግራ መግፊያ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል። ቢገፋም ባይገፋም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሠራ የነበረ እጅ ሥራ ፈታ። «ወንድሙ ሞተ» ተብሎ ቢጻፍልኝ እንዲህ አይሰማኝም ነበር።

እ.ኤ.አ. የ1997ቱን ጌም «ፋይናል ፋንታሲ 7» የተጫወቱ ሰዎች ከተጫዋቹ ቡድን አንዷ ስለሆነችው ስለ ኤሪዝ ሞት ሲያወሩ ሞቷን የሚያሳየውን ፊልም ያነሳሉ። እውነትም ያምራል። እኔን የሚያመኝ ግን ከፊልሙ በኋላ ያለው ነው። ስሟ ከቡድኑ ዝርዝር ይጠፋል፣ ያሳደግክላት ሌቭል ሁሉ አብሯት ይሄዳል። የእሷ ብቻ የሆኑት በትሮች ግን ዕቃህ መሃል ይቀራሉ። ማንም ሊይዛቸው አይችልም። የሞተ ሰው ቁም ሣጥን የከፈተ ያውቀዋል።

ሌላም መንገድ አለ። አሜሪካዊው ራያን ግሪንና ባለቤቱ ኤሚ በካንሰር ስለታመመው ልጃቸው ስለ ጆኤል ጌም ሠሩ። ጆኤል እ.ኤ.አ. በ2014 በ5 ዓመቱ አረፈ፣ ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። አንድ ቦታ ላይ አባትየው ሆነህ ሌሊት ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ነህ። ልጁ ያለቅሳል። የምትነካው ነገር አለ፣ የምትሞክረው አለ፣ ለቅሶው ግን አይቆምም። ጌም ከልጅነታችን ጀምሮ ያስተማረን ቁልፍ ስንነካ አንድ ነገር እንደሚሆን ነው። እዚህ ትነካለህ፣ ምንም አይሆንም። ክፍሉን ለቀህ ብትወጣ ደስ ባለህ። የታመመ ልጅ ያስታመመ ወላጅ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

ወደ ወንድማማቾቹ ልመለስ። ትንሹ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤት ሲቃረብ በዝናብ የሞላ ውሃ መንገዱን ይዘጋዋል። በቀኝ እጅህ ትገፋዋለህ፣ እሱ አይገባም። ደጋግመህ ትሞክራለህ። ዳር ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ምን ማድረግ እንዳለብህ የሚነግርህ ጽሑፍ አይወጣም። እኔ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ በግራ እጄ የትልቁን ወንድም ቁልፍ ተጫንኩ። ልጁ ውሃው ውስጥ ገባ። ዋኘ።

ቁልፉን እንዳልለቅ ፈርቼ ጣቴ እስኪያመኝ ይዤው ነበር። ማዶ ከደረሰ በኋላ ድሮ ትልቁ ብቻ ይስበው የነበረ ከባድ መዘውር አለ። እዚያ ስደርስ ማሰብ አላስፈለገኝም። ግራ እጄ ቀደመኝ።