ለእማዬና ለአባዬ

እማዬ፣ አባዬ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጤናዬም ሙሉ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምነግራችሁን ስታነቡ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።

ሥራዬን አጥቻለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ድርጅቱ ገበያ ቀዝቅዞበት ሠራተኛ ሲቀንስ ከእኛ ክፍል 6 ሰዎች ተሰናበትን። አጥፍቼ አይደለም፤ አለቃዬም በጥሩ ቃል የሥራ ልምድ ጽፎ ሰጥቶኛል። ባለፈው እሑድ "ሥራ እንዴት ነው?" ስትሉኝ "ደህና ነው" ያልኳችሁ እውነት አልነበረም። ድምፃችሁን ስሰማ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ይቅር በሉኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ይሁን ብዬ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

ያለሁበት ሁኔታ ይኸው ነው፦ የ2 ወር ደመወዝ ካሳ ተከፍሎኛል፤ ከቆጠብኩት ጋር ለ5 ወር ኪራይና ቀለብ ይበቃኛል። የማንም ዕዳ የለብኝም። 9 ቦታ አመልክቼ አንዱ ለሐሙስ ቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ይሁን አይሁን ገና አላውቅምና እንደተቀጠርኩ አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩት።

የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ። በየወሩ የምልከውን ለጊዜው በግማሽ እቀንሳለሁ። የአባዬ መድኃኒት ግን አይነካም፤ የእሱን ለብቻ አስቀምጬዋለሁ። እናንተም ለእኔ ብላችሁ እንዳትበደሩ፣ ምንም ነገር እንዳትሸጡ። ከቸገረኝ እነግራችኋለሁ፤ ከእንግዲህ አልደብቃችሁም።

እማዬ፣ አደራ፣ እንቅልፍ እንዳታጪ። ለእህቴ ፈተናዋን ስትጨርስ እኔው እነግራታለሁ። እሑድ ማታ እደውላለሁ፤ ያኔ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ልጃችሁ