የሚዜው ቃል

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! በዚህ ትራፊክ ከመሃል ከተማ እስከ ለገጣፎ የመጣችሁ እንግዶች ደግሞ፣ እንኳን ክትፎው ሳያልቅ ደረሳችሁ።

እኔና ሄኖክ 5 ኪሎ አንድ ዶርም ነበርን። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ስለዚህ ምስጢሩ ሁሉ እኔ ጋ ነው። ሰላምዬ አትደንግጪ፣ አንዱን ብቻ ነው የማወጣው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሄኖክ ላይብረሪ ውስጥ ሰላምን «ካልኩሌተር አውሺኝ» አላት። ምስኪን፣ አዋሰችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ይዋሳል፣ በየቀኑ ይመልሳል። የራሱ ካልኩሌተር የት ነበር? እኔ ሎከር ውስጥ፣ በኔው ካልሲ ተጠቅልሎ!

የፈተናው ቀን ሰላም የሷን ሰጠችው። «አንተ የለህም፣ እኔ ከጓደኛዬ እዋሳለሁ» አለችው። ያን ሌሊት አልጋው ሲንቋቋ አደረ። ስምንት ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ። «ይቺን ልጅ ካላገባሁ ሰው አይደለሁም» አለኝ። «እሺ፣ አሁን ተኛ» አልኩት።

ሰላምዬ፣ እህቴ፣ ሻይ እንኳ ማፍላት አይችልም፣ ቀድሜ ልንገርሽ። ግን እኔ ታምሜ የተኛሁ ሳምንት፣ ይሄ ልጅ ከካፌ ሾርባ በጆግ ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣ ነበር። ግማሹ ደረጃው ላይ ይፈሳል። ግማሹ ግን ይደርሳል።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ! ለሄኖክና ለሰላም! ውለዱ፣ ክበዱ!

ሄኖክ፣ ካልሲዬን ግን መልስ።